ለከተራ ሰፈር ስናፀዳ እነዚህን ስህተቶች እንዳንሰራ

ሰላም የሰፈራችን ልጆች፣ ከተራ እየደረሰ ስለሆነ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጥር 8 እና 9 ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ልናፀዳ ነው፣ መምጣት የምትችሉ ሁሉ ኑ፣ ክርስቲያን ያልሆናችሁ ጎረቤቶቻችንም ብትመጡ በጣም ደስ ይለናል። ግን ስራው እንዳይበላሽ ቀድመን የምንነጋገራቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ቦዩ ሳይፀዳ መንገዱን መጥረግ ነው። ሁሉም መጥረጊያ ይዞ ይመጣና አስፋልቱን ያፀዳል፣ ከዛ ቦዩ ሲከፈት ያ ሁሉ ጥቁር ጭቃ የተጠረገው ላይ ይወጣል፣ ስራው ደግሞ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ጥር 8 ቦይ ብቻ ነው፣ ጥር 9 መጥረግ፣ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ደግሞ የከተራ ዕለት ጠዋት ነው።

የቦዩን ጭቃ አፋፉ ላይ መተው። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ሰው እየረገጠው ተመልሶ ይገባል። ቢያንስ አንድ እርምጃ አርቃችሁ ከምሩት፣ ውሃው አድሮ ይጠንፈፍ፣ በማግስቱ ማዳበሪያ ውስጥ ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት ምክንያቱም እርጥብ ጭቃ ከባድ ነው፣ ከሞላ ማዳበሪያው ይቀደዳል ወይ የሚያነሳው ሰው ወገቡን ይጎዳል። ጭቃው ውስጥ ስባሪ ጠርሙስ ስለማይጠፋ በእጅ ሳይሆን በአካፋ ነው የሚወጣው፣ ጓንት ብታደርጉም። ያነሳችሁትን የቦይ ክዳን እዛው ቀን መልሱ፣ በዛ ህዝብ መሀል የተከፈተ ቦይ ማለት እግር ስብራት ነው። ማንሆል ውስጥ ግን ማንም እንዳይገባ በእግዚአብሔር፣ ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል።

መኪና ሳይነጋገሩ ቆሻሻ መሰብሰብ። ማዳበሪያው ተሞልቶ መንገድ ዳር ይቆለላል፣ ከተራ ቀን ደግሞ መንገድ ስለሚዘጋ የቆሻሻ መኪና አይገባም፣ ሌሊት ውሻ ይበትነዋል፣ ታቦቱ ቆሻሻ ክምር አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። ከሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበር ልጆች ጋር ቀድመን እንነጋገር፣ ጥር 9 ከመምሸቱ በፊት ሁሉም ይነሳ። መኪና አልመጣም ብሎ ፌስታልና ላስቲክ ማቃጠልም አይቻልም፣ ጭሱ ህፃናትና አስም ያለባቸውን ያፍናል።

ሌላው ውሃ ማብዛት። ጥር ደረቅ ስለሆነ አቧራው ይነሳል፣ ከመጥረጋችሁ በፊት በትንሹ እርጩ እንጂ በባልዲ አትድፉ፣ ኮረኮንቹ ጋር ይጨቀይና ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ይቸገራሉ። እነሱ በጉልበታቸው ጭምር ስለሆነ የሚሰሩት ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ሳይቀር በደንብ ይለቀም።

የተረፈውን ማዳበሪያ አትጣሉት፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ስለሆነ እስከዛ የሚጣለው የውሃ ፕላስቲክ ብዙ ነው።

ጥር 8 ከቀኑ 9 ሰዓት የቤተክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኝ፣ አካፋ፣ ዶማ ወይ ጋሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ነጠላ ጫማ ግን አታድርጉ።