መጠሪያው ሳይቀየር ኃላፊነት ሲጨመር፦ በደመወዝ ጥያቄ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሠራተኛ ሲለቅ መደቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ሥራው ግን አይቆምም። ብዙውን ጊዜ በቅርብ ያለ ባልደረባ «ሰው እስኪቀጠር ድረስ» ተብሎ ደርቦ እንዲሠራ ይደረጋል። ወራት ያልፋሉ፣ ቅጥሩ አይፈጸምም፣ የደራቢው መጠሪያና ደመወዝም እንደነበሩ ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ጭማሪ ጠይቆ ሲከለከል ምክንያቱ በአብዛኛው የጥያቄው ተገቢ አለመሆን አይደለም፤ ያቀረበው ማስረጃ ወሳኙ አካል ደመወዝን ከሚመዝንበት መንገድ ጋር አለመገናኘቱ ነው። ነገሩን በተጨባጭ ለማየት እንዲያመች አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። ፔይሮል የሚያዘጋጀውና የሁለት ጀማሪ ሠራተኞችን ሥራ የሚያጸድቀው ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ሲለቅ ሥራው ወደ እርሷ ተላልፏል፤ ከዚህ ጋር የአቅራቢዎችን ደረሰኝ የመመዝገብ ሥራም ተጨምሮባታል።

የሥራን ብዛት ከሥራ ክብደት ጋር ማምታታት

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ይህ ነው። ጠያቂው «ሥራዬ በዝቷል፣ እያመሸሁ ነው፣ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻዬን እሠራለሁ» ይላል፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የደመወዝ ደረጃ የሚወጣው ለሥራው ክብደት ነው። በብዙ የሥራ ምዘና ዘዴዎች የሚታዩት ነገሮች በጥቅሉ አራት ናቸው፦ ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀትና ክህሎት፣ የሚጠይቀው ጥረት፣ የሚያሸክመው ኃላፊነት፣ እንዲሁም የሚከናወንበት ሁኔታ። ብዛት ብቻውን ሲቀርብ ኃላፊው የሚሰጠው መልስ «እንግዲያው የተወሰነውን ለሌላ እናካፍል» የሚል ይሆናል፤ ይህም ምክንያታዊ መልስ ስለሆነ ጥያቄው እዚያው ይዘጋል። ከመደበኛው ሰዓት ውጪ መሥራትም ቢሆን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ ነውና ከደረጃ ጥያቄ ጋር ሲደባለቅ ሁለቱም ይዳከማሉ።

ስለዚህ ከማንኛውም ንግግር በፊት የተጨመሩትን ተግባራት አንድ በአንድ ጽፎ በሦስት ጥያቄዎች መፈተን ያስፈልጋል። ይህን ውሳኔ ቀድሞ የሚሰጠው ማን ነበር? እኔ ከጨረስኩት በኋላ ሌላ ሰው ይመረምረዋል ወይስ በእኔ ፊርማ ያበቃል? ብሳሳት ጉዳቱ እስከ የት ይደርሳል? የሂሳብ ባለሙያዋ በዚህ መንገድ ስትፈትሽ የደረሰኝ ምዝገባው በቀድሞ ደረጃዋ ከምትሠራው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለች፤ በዝቷል እንጂ አልከበደም። ፔይሮሉ ግን ቀድሞ ከእርሷ በላይ ባለ መደብ የሚወሰን፣ በእርሷ ፊርማ ወደ ክፍያ የሚሄድና ስህተቱ የሁሉንም ሠራተኛ ደመወዝ የሚነካ ነው። የጀማሪዎቹን ሥራ ማጽደቅም እንዲሁ ነው፤ የራስን ሥራ በትክክል ከመሥራት አልፎ ለሌላ ሰው ስህተት መጠየቅን ያመጣልና።

የስምንት ሳምንት የሰዓት መዝገብ ስትይዝ ከ40 ሳምንታዊ የሥራ ሰዓቶቿ 14ቱ በቀድሞ ሥራዋ፣ 10ሩ በደረሰኝ ምዝገባ፣ 16ቱ ደግሞ በፔይሮልና በማጽደቅ እንደሚያልፉ ታያለች። ከዚህ በኋላ ማድረግ ያለባት ለብዙዎች የሚከብድ ነገር ነው፦ 10ሩን ሰዓት ከደመወዝ ጥያቄው ማውጣት። የደረሰኝ ምዝገባው ለሌላ እንዲተላለፍ ለብቻው ይጠየቅ፤ የጭማሪው ጥያቄ በ16ቱ ሰዓት ላይ ብቻ ይቁም። ዝርዝሩ ሲያጥር ክርክሩ ይጠነክራል፤ አሥራ አምስት ተግባር የደረደረ ሰው ኃላፊው ከመካከላቸው ደካማውን መርጦ እንዲከራከርበት ዕድል ይሰጠዋል።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የሥራ ሰዓቱ አሁንም 40 ከሆነ ኃላፊው «ታዲያ ከቀድሞ ሥራሽ ምኑን ተውሽው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የተተወውን፣ የዘገየውን ወይም ለሌላ የተላለፈውን ሥራ አስቀድሞ መጻፍ የጠያቂዋን ታማኝነት ያሳያል፤ ለመሥሪያ ቤቱም ክፍት መደቡ እያስከፈለው ያለውን ዋጋ ይገልጽለታል።

ድርቡን ያለ ጽሑፍና ያለ ቀን መቀበል

በቃል የተሰጠ ተጨማሪ ሥራ ስድስት ወር ሲሞላው የመደበኛው ሥራ አካል ተደርጎ ይታያል፤ መቼ እንደተጀመረና በጊዜያዊነት የተሰጠ መሆኑን የሚያስታውሰው ሠራተኛው ብቻ ይሆናል። ሥራው በተሰጠ ዕለት አጭር ኢሜይል መጻፍ ይህን ያስቀራል። ለምሳሌ፦ «በዛሬው ንግግራችን መሠረት ከዚህ ወር ጀምሮ የፔይሮል ዝግጅቱንና የሁለቱን ባልደረቦች ሥራ የማጽደቅ ኃላፊነት ደርቤ እንድይዝ ተወስኗል። ሁኔታው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይና እስከዚያ የውክልና አበል ይኖር እንደሆነ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ይህ ደብዳቤ እምቢታ የለበትም፤ የመነሻ ቀኑንና የሥራውን ጊዜያዊነት በመዝገብ ላይ ያኖራል፣ መልስ ባያገኝ እንኳ በኋላ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ጊዜው ላለፈበት ሰው ማስረጃው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የጸደቁ ሰነዶች ላይ ያለው ፊርማ፣ ሥራው ወደ እርሱ እንዲመራ ያዘዙ ኢሜይሎች፣ በሂሳብ ሥርዓቱ ውስጥ የማጽደቅ ፈቃድ የተሰጠበት ቀን ሁሉ ታሪኩን መልሶ ለመገንባት ይበቃሉ። በተለይ የማጽደቅ ፈቃዱ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሥልጣኑን እንዳስተላለፈ ያሳያልና። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ፔይሮል የሌሎችን ደመወዝ የያዘ ምሥጢራዊ ሰነድ ስለሆነ ቅጂውን ወደ ግል ኢሜይል መላክ ወይም ከጥያቄው ጋር ማያያዝ ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የሰነዱን ቀንና ቁጥር ብቻ መዝግቦ መያዝ በቂ ነው።

የሚጠየቀውን መጠን ከተሳሳተ ቦታ መጀመር

ሁለት ስሌቶች ደጋግመው ይታያሉ፤ ሁለቱም አያስኬዱም። አንደኛው የኑሮ ወጪን መሠረት ያደርጋል። የኑሮ ጫናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ባልደረባ የሚጋራው ስለሆነ ለዚህኛው ሰው ብቻ ለምን እንደሚጨመር አያስረዳም። ሁለተኛው «የለቀቀውን ሰው ሥራ ግማሽ ስለያዝኩ የደመወዙ ግማሽ ይጨመርልኝ» የሚለው ነው። ኃላፊው ግን የእርሷን 40 ሰዓት አስቀድሞ ከፍሎበታል፤ ያልተከፈለው በቀድሞ ደረጃዋና በከባዱ ሥራ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ልዩነት ለማስላት የሂሳብ ባለሙያዋን የአሁን ደመወዝ 100 ብለን እንያዘው። የእርሷ ደረጃ የደመወዝ እርከን ከመነሻው 90 እስከ ጣሪያው 130 ይዘልቃል፤ የለቀቀው መደብ መነሻ ደመወዝ ደግሞ 120 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 ሲሆን፣ ከጊዜዋ 40 በመቶውን በከባዱ ሥራ ስለምታሳልፍ የልዩነቱ 40 በመቶ 8 ይሆናል። ስለዚህ 108 ማንም በቀላሉ ሊያፈርሰው የማይችል ዝቅተኛ መጠን ነው። እኔ ግን በዚህ ላይ መቆም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ኃላፊነት በሰዓት አይከፋፈልምና። ፔይሮሉን ማጽደቅ በወር ጥቂት ሰዓት ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ወሩን ሙሉ ከእርሷ ጋር ይቆያል። በዚህ ምክንያት 115 ጠይቃ 108ን የመጨረሻ ወለል አድርጋ ብትይዝ ሁለቱንም ቁጥሮች ማስረዳት ትችላለች።

115 በእርሷ እርከን ውስጥ መሆኑም ትርጉም አለው። ጣሪያው 130 ስለሆነ ጭማሪው መጠሪያም ሆነ ደረጃ ሳይነካ ሊሰጥ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጠይቀው የፈቃድ ሰንሰለት አጭር ነው። ደመወዟ አስቀድሞ 128 ደርሶ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ጥያቄ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ይወድቅ ነበር፤ ያኔ መጠየቅ የሚሻለው በቋሚ ደመወዝ ላይ የማይገባ ወርሃዊ አበል ወይም መደቡ እንደገና እንዲመዘን ነው። እርከኑ በይፋ ካልተገለጸ የሰው ሀብት ክፍሉን «በዚህ ደረጃ መነሻውና ጣሪያው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባልደረባን ስለ ደመወዙ ከመጠየቅም ይህ ይሻላል።

የቅርብ ኃላፊን እንደ መጨረሻ ዳኛ መቁጠር

የቅርብ ኃላፊው ቢስማማም በጀቱን የሚፈቅደው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ጠያቂዋን ፈጽሞ አያውቃት ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉ እርሷ በሌለችበት የሚነበብ አንድ ገጽ ሆኖ ይዘጋጅ፦ የተጨመሩት ከባድ ተግባራት፣ የመነሻ ቀናቸው፣ ቀድሞ የያዛቸው መደብ፣ የሚወስዱት ሰዓት፣ የሚጠየቀው መጠንና ስሌቱ። በጀት ከጸደቀ በኋላ የቀረበ ጥያቄ ኃላፊው ቢያምንበትም ገንዘብ አያገኝለትም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት በጀት መቼ እንደሚዘጋጅ ጠይቆ ከዚያ አስቀድሞ ማቅረብ ይገባል።

«ወደፊት እናያለን» በሚለው መልስ መውጣት

ይህ መልስ እንደ ተስፋ ይሰማል፤ ቀንና መመዘኛ ከሌለው ግን ድርቡን በነፃ ያራዝመዋል። በተመሳሳይ ሁኔታ አንዳንዶች «መጠሪያው ካልተቀየረ ጭማሪውን አልፈልግም» ብለው ሁለቱን ያስተሳስራሉ። የመጠሪያ ለውጥ አዲስ መደብ መፍቀድን ስለሚጠይቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘቡን አብሮ ማስያዝ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት መጠሪያው እንዳለ ሆኖ የሥራ ዝርዝሩ በጽሑፍ እንዲሻሻል ነው። ይህ ካልሆነ ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው በአሮጌው ዝርዝር ይሠራና ከባዱ ሥራ ሳይቆጠር ይቀራል።

መልሱ እምቢታ ከሆነ ጠያቂዋ ከሦስቱ አንዱ እንዲፈጸም መጠየቅ ትችላለች፦ ድርቡ የሚያበቃበት ቀን እንዲቆረጥ፣ ጥያቄው ዳግም የሚታይበት ቀንና የሚታይበት መመዘኛ እንዲጻፍ፣ ወይም ፔይሮሉን የማጽደቅ ኃላፊነት ወደ ኃላፊው እንዲመለስ። ሦስተኛው ሲመረጥ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ በሂሳብ ሥርዓቱ ላይ ያለው የማጽደቅ ፈቃዷም በዚያው ቀን እንዲነሳ ታድርግ፤ ፈቃዱ በስሟ እስካለ ድረስ ስህተት ቢገኝ የምትጠየቀው እርሷ ናትና።