«አድቫይስስ»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ፈርኒቸርስ»፦ የማይቆጠሩ የእንግሊዝኛ ስሞችን ስናበዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአማርኛ «ምክር» «ምክሮች»፣ «መረጃ» ደግሞ «መረጃዎች» ተብሎ ይበዛል፤ «የቤት ዕቃ»ም «የቤት ዕቃዎች» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን አቻዎቻቸውን አድቫይስን፣ ኢንፎርሜሽንን እና ፈርኒቸርን እንደ ውኃና እንደ ዱቄት በጅምላ የሚጠሩ ስሞች አድርጎ ስለያዛቸው የብዙ ቁጥር ቅርጽ አልሰጣቸውም። በአማርኛ ንግግራችን «ፈርኒቸሮች» ብንል የተዋስነውን ቃል በራሳችን ሕግ ማብዛታችን ነውና ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ስናሻግረው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ስሙ ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነ ዕቃውን በዓይን አይቶ ለመወሰን መሞከር ነው። ወንበርና ጠረጴዛ አንድ፣ ሁለት ተብለው ስለሚቆጠሩ ብዙ ተማሪ ፈርኒቸርም ይቆጠራል ብሎ ይደመድማል። የማይቆጠረው ግን ወንበሩ ሳይሆን ወንበሩን፣ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በአንድነት የሚጠራው ቃል ነው። የቋንቋዎች ልማድም ይለያያል፤ ፈረንሳይኛ ለምሳሌ ምክርንም መረጃንም እንደ አማርኛ ያበዛል። ስለዚህ እነዚህ ቃላት እንደየቋንቋቸው ሊጠኑ እንጂ በአመክንዮ ሊገመቱ አይችሉም።

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚበዛው ስህተት በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤስ ብቻ ማደን ነው። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ሺ ጌቭ አስ ሜኒ አድቫይስስ፣ ባት ዚ ኢንፎርሜሽንስ ዌር ኖት ክሊር።» ብዙ ምክር ሰጠችን፣ መረጃው ግን ግልጽ አልነበረም ለማለት የተጻፈ ነው። አራሚው ሁለቱን ኤሶች ሰርዞ ቢያልፍ «ሜኒ አድቫይስ» እና «ዚ ኢንፎርሜሽን ዌር» ይቀራሉ፤ ሁለቱም አሁንም ስህተት ናቸው። «ሜኒ» የሚቆጠር ስም ብቻ ስለሚያስከትል በ«ኤ ሎት ኦፍ» መተካት አለበት፤ ግሱም ነጠላ ሆኖ «ዎዝ» መሆን ይገባዋል። የተስተካከለው ዓረፍተ ነገር «ሺ ጌቭ አስ ኤ ሎት ኦፍ አድቫይስ፣ ባት ዚ ኢንፎርሜሽን ዎዝ ኖት ክሊር» ይሆናል።

ስለዚህ የማይቆጠር ስም ሲያጋጥም ዓይን ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አለበት። ከፊቱ «ሜኒ»፣ «ፊው»፣ «ዚዝ» ወይም ቁጥር፣ እንዲሁም የነጠላ ምልክቱ «ኤ» ወይም «አን» ቢኖር ስህተት አለ፤ «አን አድቫይስ» ኤስ ባይኖረውም እንደ «አድቫይስስ» የተበላሸ ነው። ከኋላው ደግሞ ግሱንና ስሙን ተክቶ የሚገባውን ተውላጠ ስም ማየት ያስፈልጋል። ፈርኒቸር በሚቀጥለው ሐረግ «ዜም» ተብሎ ከተተካ፣ ጸሐፊው ኤሷን ባይጽፋትም በሐሳቡ አብዝቶታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ስህተት መቁጠር ግድ ሲሆን ብዙ ቁጥሩን ያለ ቦታው ማስቀመጥ ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ጊዜ «ፒስ ኦፍ» የሚለውን ሐረግ ያስገባል፤ የሚበዛውም «ፒስ» ነው። «ቱ ፒስ ኦፍ አድቫይስስ» የሚለው ኤሷን ለማይገባው ቃል ሰጥቷታል፤ ትክክሉ «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ነው። ግሱም የሚከተለው «ፒስስ»ን ስለሆነ «ቱ ፒስስ ኦፍ ፈርኒቸር ዌር ሶልድ» ሲባል «ዌር» በቦታው ነው፤ ፈርኒቸርን አይቶ ወደ «ዎዝ» የሚለውጠው ሰው ደህናውን ያበላሻል።

የመጨረሻው ስህተትም ከዚሁ የሚወለድ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ነው። «ዚ ኢንፎርሜሽን ኢን ዚዝ ሪፖርትስ ኢዝ ኦልድ» በሚለው ውስጥ «ዚዝ» የቆመው ለሪፖርቶቹ ስለሆነ መነካት የለበትም፤ ይልቅስ ብዙ ሰው በሪፖርቶቹ ብዛት ተታልሎ «ኢዝ»ን ወደ «አር» የሚለውጠው እዚህ ላይ ነው። «ሺ አድቫይዝስ ስቱደንትስ» ሲባልም ቃሉ ስም ሳይሆን ግስ ነው። ስሙ በሲ፣ ግሱ በኤስ ስለሚጻፍ ከመሰረዝ በፊት አጻጻፉን ማየት ይበቃል፤ በጽሑፍ ካልሆነም ድምፁ ይለያል፤ ስሙ በ«ስ»፣ ግሱ በ«ዝ» ያበቃል።