«መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚል ደንበኛ ምን ብለን እንጻፍ?

ደሴ ላይ ጋቢና ነጠላ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ሰኞ ገበያ እየሄድኩ ሰው ዋጋ ሲከራከር አይ ነበር። እዚያ ሻጩም ገዥውም እየሳቁ ነው የሚከራከሩት። ሳይስማሙ ቢለያዩ እንኳ ተመራርቀው ነው። በጽሑፍ ሲሆን ግን ያ ሳቅ የለም። «አይቀነስም» የምትል አንዲት ቃል ደንበኛ ታስቀይማለች። «እሺ፣ ትንሽ አስተያየት አደርጋለሁ» የምትለዋ ደግሞ ትርፉን ትበላዋለች።

ከዚህ በታች ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች፣ ከየት እንደሚመጡና አሁን ምን ብዬ እንደምመልስ ጽፌያለሁ። የዋጋው ሂሳብ የእኔ ነው። እናንተ በራሳችሁ ዕቃ ቀይሩት።

ችግር 1፦ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም «መጨረሻው ስንት ነው?»

ደንበኛው ስለ ዕቃው ምንም አልጠየቀም። ቀለሙንም፣ ስፋቱንም አላነሳም። የመጀመሪያው መልእክቱ ይኸው ነው።

ከመናደዳችሁ በፊት የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ መልሳችሁ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው እዚያው ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ከፎቶው ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብዬ እጽፍ ነበር። ብዙ ሰው ይጽፍልኝ ስለነበር ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ግን ዋጋ ሲደበቅ ገዥ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ለሁሉም እኩል ቢሆን ኖሮ በግልጽ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ሊገዛ ሳይሆን ሊከራከር ተዘጋጅቶ ይመጣል። «በድርድር» ብላችሁ ከጻፋችሁማ ራሳችሁ ጠርታችሁታል።

መፍትሄው ዋጋውን ከፎቶው ሥር መጻፍና አጠገቡ «ቁርጥ ዋጋ» ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል አይጠፋም። ልማድ ነው፣ ክፋት የለበትም። ለእሱ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፦

«ሰላም፣ እንደምን ዋሉ? ጋቢው 3,300 ብር ነው፣ ዋጋው ቁርጥ ነው። የእጅ ፈትል ነው፣ አራት ድርብ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ ያለቀ። ደሴ ውስጥ እስከ ቤትዎ አደርሳለሁ። ነጩን ነው ወይስ ባለ ጥለቱን የሚፈልጉት?»

ሁሉም በአንድ መልእክት ነው። ቆራርጣችሁ አትላኩት። ዋጋው ለብቻው ቀድሞ ከደረሰ፣ ስለ ፈትሉ እየጻፋችሁ ሳለ «ቀንሺልኝ» ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄም አትተዉአት። መልእክታችሁ በቁጥር ካለቀ መልሱም ቁጥር ይሆናል። በቀለም ካለቀ ግን ሰውየው ስለ ቀለም ማሰብ ይጀምራል።

ችግር 2፦ ቀነስኩለት፣ ክርክሩ ግን አላለቀም

ይህኛው ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ ችግር ነው። ስለዚህ አንዱን ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰው ከኮምቦልቻ ጻፈልኝ። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ እሱ ራሱ ጋቢ ብዙም አያስፈልገውም። እናቱ ግን ደሴ ናቸው፣ በጥቅምት ብርድ። ለእሳቸው ነው የፈለገው። 3,300 አልኩት። «2,800 ይሁን» አለ። እኔም «ለእርስዎ ስል 3,200፣ ወላሂ ከዚህ በታች ኪሳራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሱ 2,900 አለ። 3,100 አልኩ። «3,000 አድርጊውና ብሩን አሁኑኑ ልላክ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሂሳቡን ማታ ሠራሁት። ለሸማኔው 2,600 ከፍያለሁ። ለጠርዝ ማሰፊያ 130። ለማድረሻ 70። ጠቅላላ 2,800 ወጥቶበታል። በ3,300 ቢሸጥ ትርፌ 500 ብር ነበር። በ3,000 ስሸጠው 200 ብር ብቻ ቀረኝ። ለገዥው 300 ብር ከዋጋው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ለእኔ ግን ከትርፌ ከግማሽ በላይ ነው። መጀመሪያ የጠራው 2,800 ደግሞ ልክ ያወጣሁት ነበር። በዚያ ብሸጥለት ምንም አላተርፍም።

ገንዘቡን እርሱት። የቆጨኝ መሐላው ነው። «ከዚህ በታች ኪሳራ ነው» ብዬ በአላህ ስም ምዬ፣ ወዲያው ከዚያ በታች ሸጥኩ። እናቴ በመሐላ የተሸጠ ዕቃ በረካ የለውም ትላለች። ሰውየውም ቃሌ እንደማይጸና አይቷል። በሚቀጥለው ጊዜ እውነቴን ብነግረው እንዴት ያምነኛል?

መንስኤው ምንድን ነው? የቀነስኩት በምንም ምክንያት አልነበረም። ሰውየው ሁለት አልወሰደም፣ መጥቶ ልውሰድም አላለም። «ቀንሺ» ስላለ ብቻ ቀነስኩ። እንዲህ ስታደርጉ ቀድማችሁ የጠራችሁት ዋጋ እውነተኛ እንዳልነበር ራሳችሁ እየመሰከራችሁ ነው። ታዲያ እሱ ምን ብሎ ያቁም?

መፍትሄው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቃው ከሸማኔ እንደመጣ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ ያወጣችሁትንና የምትሸጡበትን ደብተር ላይ ጻፉ። ሰው እያስቸኮላችሁ ሂሳብ መሥራት አይቻልም። ሁለተኛ፣ መቀነስ ከፈለጋችሁ በልዋጩ አንድ ነገር ተቀበሉ። ያ ሰው ዛሬ ቢጽፍልኝ እንዲህ እለዋለሁ፦

«ለእናትዎ መሆኑ ደስ ይላል፣ ዕድሜ ይስጥልን። ለአንድ ጋቢ ዋጋው 3,300 ነው፣ ቁርጥ ነው። ሁለት ከወሰዱ ግን እያንዳንዱን በ3,150 አደርገዋለሁ።»

ሁለት ቢወስድ 6,300 ይከፍላል፣ ለእኔ 700 ብር ይቀረኛል። እሱ 300 ብር ቀነሰለት፣ የእኔም ትርፍ ከአንዱ በለጠ። አንድ ብቻ ከፈለገና «መጥቼ እወስዳለሁ» ካለ የማድረሻውን 70 ብር እቀንስለታለሁ፤ ያ ገንዘብ በእውነት ከእኔ አልወጣምና። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢጠይቅ ያንኑ መልስ በአጭሩ እደግማለሁ። አዲስ ቁጥርም አዲስ ምክንያትም አልጨምርም። ብዙ ምክንያት በደረደራችሁ ቁጥር ለእያንዳንዱ መከራከሪያ ይገኝለታል።

ችግር 3፦ ምንም ክፉ ነገር ሳልናገር ደንበኛው ተቀየመ

«አልቀንስልህም» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ቃሉን ተመልከቱት። «እኔ» እና «አንተ» ውስጡ አሉ። ለሌላ እቀንሳለሁ፣ ለአንተ ግን አልፈልግም የሚል ይመስላል። ገበያ ላይ ፈገግታው ያለሰልሰዋል። ስልክ ላይ የሚያለሰልሰው የለም። «ዋጋው ቁርጥ ነው» ስትሉ ግን የምታወሩት ስለ ዋጋው ነው፣ ስለ ሰውየው አይደለም።

ሌላም አለ። አማርኛ ወንድ ነው ሴት ሳይለይ አያስጽፍም። በቴሌግራም ላይ ስሙ የአበባ ምልክት፣ ፎቶው የተራራ ሥዕል የሆነ ሰው ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል? አንዴ አንድን ትልቅ ሰው «ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አሳፍሬያቸው አውቃለሁ። ስለዚህ እስካውቅ ድረስ ለሁሉም «እርስዎ» ነው የምለው። ልጅ እግር ከሆነ ራሱ «አንተ በይኝ» ይላል። በእኛ አገር ደግሞ ሰውን በአክብሮት መጥራት ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።

ነገሩ ከከረረ የድምፅ መልእክት እልካለሁ። ሃያ ሰከንድ ይበቃል። ያው «ዋጋው ቁርጥ ነው» የሚለው ቃል በድምፅ ሲሰማ ፈገግታው አብሮ ይሄዳል።

ችግር 4፦ «ሌላ ቦታ በ2,500 አለ»

ሦስት መንስኤ ሊኖረው ይችላል። ወይ ዕቃው የተለየ ነው፣ ለምሳሌ የፋብሪካ ክር ነው። ወይ ሰውየው እየሞከራችሁ ነው። ወይ ደግሞ እውነቱን ነው። በጽሑፍ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ ለሦስቱም የሚሆን መልስ ያስፈልጋል። «ውሸት ነው» አትበሉ። የሌላውንም ሻጭ ዕቃ አታጣጥሉ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦

«በዚያ ዋጋ የእጅ ፈትል ካገኙ ይውሰዱት፣ ጥሩ ነው። የእኔን በመስኮት ብርሃን ላይ አንስቼ ልላክልዎ፣ ያነጻጽሩት።»

ፎቶውን ከቅርብ አነሳለሁ። የእጅ ፈትል ክሩ አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል። የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ይህን ገዥው በዓይኑ ያያል። እየሞከራችሁ የነበረ ሰው እዚህ ላይ ወደ ዕቃው ይመለሳል፣ ወይም ዝም ይላል። ዝም ካለ ተከትላችሁ አትጻፉ።

እውነቱን የሚሆንበት ጊዜም አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የማይተዋወቁ አራት አምስት ሰዎች ያንኑ ዋጋ ከጠሩ፣ ለዚያውም ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ከሆነ፣ ክርክር አይደለም። ዋጋው ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ማስታወቂያው ላይ ለሁሉም ቀንሱ። በውስጥ መስመር ለአንዱ ብቻ አትቀንሱ። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አንዷ በ3,000 ከገዛች እኅቷ በ3,300 አትገዛም፣ ያውም ትቀየማችኋለች።

ችግር 5፦ ከተስማማን በኋላ «ያለኝ 3,000 ብቻ ነው»

ዕቃው ተጠቅልሎ፣ ሹፌሩ ሊነሳ ሲል የሚመጣ ነው። ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፣ መኪናው ግን አይጠብቅም። ጥድፊያው ራሱ እሺ ያሰኛችኋል።

መንስኤው ስምምነቱ በአንድ ቦታ አለመጻፉ ነው። «እሺ»፣ «በቃ»፣ «ነገ» በሚሉ ቃላት ተበታትኖ ቀርቷል። ስለዚህ ልክ እንደተስማማን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «አንድ ባለ ጥለት ጋቢ፣ 3,300 ብር። የመኪናውን ሂሳብ ሲረከቡ ለሹፌሩ ይሰጣሉ። ክፍያው እስከ ነገ 4 ሰዓት ከገባ በጠዋቱ መኪና ይሄዳል። ልክ ነው?» «አዎ» ካለ አበቃ። በኋላ ቢቀንስ ያቺን መልእክት መልሼ እልክለትና «ቀሪዋ ሲሟላ ወዲያው እልከዋለሁ፣ እስከ ማታ አስቀምጥልዎታለሁ» እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም።

ይህንና ሌሎቹን መልሶች ቴሌግራም ላይ `Saved Messages` ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ተናድጄ ሳለሁ አዲስ ነገር ከመጻፍ ይልቅ ከዚያ ቀድቼ እልካለሁ። የከፈለበትን ፎቶ ቢልክልኝም ገንዘቡ በራሴ ቴሌብር መግባቱን ከፍቼ ሳላይ ዕቃውን ለሹፌሩ አልሰጥም። ሲገባ የሹፌሩን ስልክና የሰሌዳ ቁጥር ጽፌ «ሙቀት ያድርግልዎ» ብዬ እልካለሁ።