የአራሷ አንድ እግር ድንገት ሲያብጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሐርቡ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች አንዲት አራስ አስታውሳለሁ። በኦፕራሲዮን ከወለደች 14ኛ ቀኗ ነበር። ባልና አማቷ ደግፈው ሆስፒታል ሲያስገቧት ግራ እግሯን መሬት ማስረገጥ አቅቷት ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ጧት ከመደብ ስትነሳ ባቷ ውስጥ እንደ ቁርጠት ያለ ነገር ተሰማት። ማታውን ባቷ ተወጠረ፤ ከጉልበቷ በታች ያለው ሁሉ ከበደ። በነዚያ ሁለት ቀናት ቤት ውስጥ የተደረገው ሁሉ በደግ ልብ የተደረገ ነው። ግን ሊገድላት ነበር።

ስህተት አንድ፦ «ብርድ ነው» ብሎ መደምደም

አማቷ «አራስ ናት፣ ብርድ ገብቶባት ነው» አሉ። ጎረቤት ደግሞ «ጅማት ዞሮባት ነው» አለች። ሁለቱም ያላዩት ነገር እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ፣ በድንገት መምጣቱን ነው። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የሁለቱም እግር ማበጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ እሱም ቢሆን ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለበት የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ይታያል። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ደግሞ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በአንድ ሌሊት አንዱን ባት ብቻ የሚወጥር፣ ሲጫኑት የሚያም፣ ሞቅ የሚልና አንዳንዴም መልኩ የሚለወጥ እብጠት ግን በጥልቁ የደም መልስ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ እንደሆነ ያስጠረጥራል።

አራስ ለዚህ የተጋለጠች ናት። ሰውነት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ ደምን ቶሎ የሚረጋ አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ ይህ ሁኔታ ከወሊድ በኋላ ወዲያው አይመለስም፤ ከሁሉም የሚያሰጉት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ናቸው። ኦፕራሲዮን ሲጨመርበት፣ ከዚያም አራሷ ተጠቅልላ ከአልጋ ሳትወርድ ስትሰነብት፣ በእግሯ ያለው ደም ይዘገያል። የግራው እግር የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ዳሌ ውስጥ በግራው ደም መልስ ላይ ተሻግሮ ስለሚያልፍ፣ በእርግዝና ጊዜ ይበልጥ ይጫነዋል።

ቤት ውስጥ ማመሳከር የሚፈልግ ሰው ክር ይበቃዋል። ከጉልበት በታች፣ ከቅልጥሙ ጫፍ ላይ ካለችው ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ ሁለቱንም ባት መለካት ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ሐኪሞች ጥርጣሬያቸውን የሚያጠናክሩበት ነው። ሴትየዋ ስትለካ ግራው 39፣ ቀኙ 34 ተኩል ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆን ግን «እንኳን አልሆነ» ማለት አይደለም፤ ክሩ ሊያስደነግጥ እንጂ ሊያጽናና አይችልም።

ስህተት ሁለት፦ ማሳሸት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ እኔም በየጊዜው የማየው እሱን ነው። በማግስቱ ወጌሻ ተጠርቶ ባቷን ለረጅም ሰዓት በቅቤ አሸላት። ወጌሻው የሚያውቀው ወለምታና ስብራት ነው፤ እዚያ ላይ እጁን አከብራለሁ። ይሄኛው ግን የጅማት ነገር አይደለም።

አዲስ የረጋ ደም ከሥሩ ግድግዳ ጋር ገና አጥብቆ አልተያያዘም። ጫፉ ወደ ላይ በሚፈሰው ደም ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ጭራ ይወዛወዛል። ይህ ጭራ ቢቆረጥ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከጭን ወደ ሆድ ትልቅ ደም መልስ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል፣ ከልብም ወደ ሳንባ። ሳንባ ላይ ሲደርስ ሥሮቹ እየጠበቡ ስለሚሄዱ እዚያ ይወተፋል። ትንሽ ከሆነ ሲተነፍሱ የሚወጋ ሕመም ያመጣል፤ ትልቅ ከሆነ ልብ ደም ማሳለፍ ያቅተውና ሰውዬው በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ሴትየዋ በታሸችበት ማታ ቀኝ ጎኗን ውግት አደረጋት፤ ስትተነፍስ ይብስባታል። ማሸቱ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሳይነኩትም የሚላቀቅ አለ። ቢሆንም ባት ካበጠ እጅን ማራቅ ነው። በሙቅ ውሃ ጨርቅ መጫንም፣ እግሩን በገመድ ወይም በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም ያው ነው።

ስህተት ሦስት፦ ሕመሙ ሲቀል «ተሻለኝ» ማለት

ባሏ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝቶላት ነበር። ሕመሙ ቀለለ፤ አንድ ሌሊትም እንቅልፍ ወሰዳት። ማስታገሻ ግን የደሙን መርጋት አያቆመውም፤ የሚያደርገው ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው። አስፕሪንም የሕክምናው ምትክ አይሆንም።

ስህተት አራት፦ «ነገ ጧት እናያለን»

ለትንፋሽ ማጠር፣ ለደረት ውግት፣ ደም ላለው አክታ ወይም ራስን ለመሳት መጠበቅ ማለት ደሙ ሳንባ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። እነዚህ ካሉ ሌሊትም ቢሆን የወረዳው አምቡላንስ ይጠራል። እነሱ ባይኖሩም በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል፤ በእግር ሳይሆን በመኪና። ጤና ጣቢያ ከቀረበ እዚያ መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ግን አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ሴትየዋንና ቤተሰቧን ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ያደረሳቸው ይኸው ሪፈር ነው።

ተራ ይዞ መቀመጥ አይገባም። ለመጀመሪያው ነርስ እንዲህ በሉ፦ «በኦፕራሲዮን ከወለደች 14 ቀኗ ነው፤ አንድ እግሯ ብቻ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አብጧል፤ ጎኗን ይወጋታል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከ«እግሯን አሟት ነው» ጋር አንድ አይደለም።

ምርመራው አያምም። ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ ጫፍ ደም መልሱን ጫን ይላል፤ ጤነኛ ሥር ይጨፈለቃል፣ ደም የረጋበት አይጨፈለቅም። የሷ ከጉልበቷ በላይ ጭኗ ድረስ አልጨፈለቅ አለ። ባትን ብቻ የያዘ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ካልጠፋ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። «ምንም የለም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ይህን አይርሱ። ጥርጣሬው ከበዛ ደግሞ፣ የኦፕራሲዮኑ ቁስል የማይደማ መሆኑ ታይቶ፣ የደም መርጋትን የሚያግደው መድኃኒት ከምርመራው በፊትም ሊጀመር ይችላል።

ስህተት አምስት፦ እብጠቱ ሲወርድ መድኃኒት ማቆም

60 ኪሎ ስለነበረች 60 ሚሊ ግራም ኢኖክሳፓሪን በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ተወጋች፤ ጎን ለጎን ዋርፋሪን ተጀመረላት። ዋርፋሪን ለመሥራት ቀናት ስለሚወስድ መርፌው ቢያንስ 5 ቀን አብሮ ይሰጣል፤ የሚቆመው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 በላይ ሆኖ ሳይወርድ ሲቆይ ነው። ሰው «ደም ማቅጠኛ» ይበለው እንጂ የረጋውን ደም አያሟሟም፤ እንዳይጨምር ያግደዋል፤ የማሟሟቱን ሥራ ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ ይሠራል። ለዚህ ነው እግሩ በሁለት ሳምንት ቢሻለውም ቢያንስ 3 ወር የሚያስፈልገው።

አማቷ ያስጨነቃቸው የሕፃኑ ጡት ነበር። «መርዝ ትጠጣለች እንዴ ልጁ?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ ዋርፋሪን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ታጥባው» አልኳቸው። ዲክሎፌናኩን ግን ወስጄ ጣልኩት፤ ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ደም ያፈሳል። ድዷ ቢደማ፣ ሰገራዋ ቢጠቁር ወይም የማህፀን ደሟ ቢጨምር ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመለስም ነገርኳት።

አንድ ነገር ደግሞ በካርዷ ላይ በትልቁ ጻፍኩላት። የቤተሰብ ምጣኔ ስትጠይቅ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን እንዳይሰጣት፤ ሌላ ልጅ ስታስብም ከማርገዟ በፊት እንድትመጣ፤ ዋርፋሪን ለጡት ልጅ ባይጎዳም ለፅንስ ግን አይሆንም።