ለከተማው አዲስ ከሆንክ፦ በበዓል፣ በሠርግና በትምህርት መክፈቻ ንግድ የሚያከስሩ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ተከራይተህ በዓል ሲቀርብ መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ ዶሮ መሸጥ ነው። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ብዙ ጀማሪ ሒሳቡን የሚሠራው ሁሉም ዶሮዎች እስከ ገዢው እጅ ድረስ በሕይወት ይደርሳሉ ብሎ ነው።

እንበል 20 ዶሮ በ800 ብር ገዛህ። 16,000 ብር ወጣ። ለመኪናና ለቀለብ 900 ጨምርበት። አንዷን በ950 ብትሸጥ 2,100 ብር ይተርፍሃል። ሁለቱ ከሞቱብህ ግን 200 ብር ብቻ። ያውም ጉልበትህ ሳይታሰብ!

የሚሞቱትም በጉዞ ላይ ተደራርበውና ውሃ ሳያገኙ ቆይተው ነው፣ ካልሆነ ደግሞ በፈንግል። ክንፏን የጣለች፣ ላባዋ የተንጨፈረረ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያላት ዶሮ በርካሽ ብትሰጥህም ተዋት። ፈንግል የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱም የሚጠቅመው ከመታመሟ በፊት ነው። አዲስ ያመጣሃቸውን ደግሞ ካሉህ ጋር ወዲያው አትቀላቅል፣ አንዷ ይዛ የመጣችው ሁሉንም ይጨርሳል።

ሌላው ስህተት የዋዜማ ግዢ ነው። ያን ቀን አንተም በውድ ነው የምትገዛው፣ ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ቀደም በል። ከዚያ የሚተርፈውን አስብ። ከፋሲካ የተረፈች ዶሮ ብዙም አታሳስብም፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ገዢ አታጣም። የቅበላዋ ግን ሌላ ናት፤ ደንበኞችህ አብዛኞቹ ጿሚ ከሆኑ 55 ቀን ቁጭ ብላ ቀለብህን ትጨርሳለች።

ሠርግ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ተበድረው ድንኳንና ወንበር ለኪራይ ሲገዙ ነው። የሰፈሩ ዕድር እኮ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ትልልቅ ድስቱም ሊኖረው ይችላል! መጀመሪያ ጠይቅ። በዚያ ላይ የኦርቶዶክስ ሠርግ በጥር ይደራና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፣ የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዕዳው ግን ጾም አያውቅም። እንደኔ እንደኔ ለጀማሪ የሚሻለው የእንጀራ ትዕዛዝ መቀበል ነው፣ እሱንም ቢሆን ቢያንስ የጤፉን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ሳትይዝ ሊጥ እንዳታቦካ። ሠርጉ በአንድ ሳምንት ቢገፋ ያን ሁሉ እንጀራ ማን ይበላልሃል?

ትምህርት ሲከፈት ደብተር መሸጥ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ቢተርፍ አይበላሽም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት መርካቶ ሄደው ዓይናቸው ያረፈበትን በደርዘን የሚሸክሙት ናቸው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ስንት ገጽ እንደሚፈልግና በምን ቀለም እንደሚሸፈን ሳይቀር ዝርዝር ያወጣል። ነሐሴ ውስጥ ምዝገባ ላይ ያሉ ወላጆችን ጠይቀህ ዝርዝሩን በስልክህ ፎቶ አንሳና በዚያው ልክ ግዛ። ዩኒፎርም ውስጥ ግን አትግባ፣ ብዙ ትምህርት ቤት የራሱ ሰፊ አለው።