ደሴ ያለውን ሱቅ ዋጋ ከውጭ ሆኖ መቀየር፦ የተረሳው ቅናሽ

አንድ ማክሰኞ ማታ ወንድሜ ከደሴ ደወለ። «እታለም፣ ድሩም ማጉም ተወደደ። ሸማኔው ጨምሮብናል። ጋቢውን ሁለት ከስምንት አድርጊው» አለኝ፤ 2,800 ብር ማለቱ ነው። እኔ ያለሁት ስቶክሆልም ነው። ሱቁን ፒያሳ ላይ እሱ ይይዛል፣ ድረ ገጹን እኔ። ላፕቶፔን ከፍቼ ዋጋውን ቀየርኩና ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሂሳብ ሲሠራ ገንዘቡ አልሞላ አለው። ከደወለልኝ በኋላ የታዘዙት ሦስት ጋቢዎች በሙሉ የተሸጡት በ2,100 ብር ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ወሎም ሆነ ሌላ ቦታ ሱቅ ኖሯችሁ ገጹን ከውጭ የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ቀን ይደርስባችኋል።

የእኛ ገጽ የተሠራው በዎርድፕረስና በዉኮሜርስ ነው። የምገባው ከገጹ አድራሻ ኋላ `/wp-admin` ጨምሬ ነው። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር `Products` የሚለውን ስጫን ዕቃዎቹ ይደረደራሉ። የጋቢውን ስም ተጭኜ ወደ ታች ስወርድ `Product data` የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ `General` በሚለው ሥር ሁለት የዋጋ ቦታዎች አሉ፦ `Regular price` መደበኛው ዋጋ ነው፣ `Sale price` ደግሞ የቅናሽ ዋጋ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቅናሽ ቦታው ላይ ቁጥር ካለ ገዢው የሚከፍለው እሱን ነው። መደበኛው ዋጋ ከጎኑ ተሰርዞ ይታያል እንጂ ማንም አይከፍለውም። ለፋሲካ ብለን ጋቢውን ከ2,400 ወደ 2,100 አውርደነው ነበር። ፋሲካው አለፈ፣ ቅናሹን ግን ያነሳው የለም። እኔ ያን ማታ መደበኛውን 2,800 አልኩና `Update` ተጫንኩ። ገጹ ላይ 2,800 ተሰርዞ 2,100 ቆመ። እንዲያውም ለገዢው ትልቅ ቅናሽ መሰለው፤ ለዚህም ይሆናል በሁለት ቀን ሦስት ሰው ያዘዘው። በአንዱ 700 ብር፣ በሦስቱ 2,100 ብር ጎደለ። የአንድ ጋቢ ዋጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋጋ ስትጨምሩ መጀመሪያ የምታዩት `Sale price` ባዶ መሆኑን ነው። ባዶ ካልሆነ አጥፉትና ከዚያ መደበኛውን ጻፉ። ቁጥሩን ያለ ኮማና ያለ «ብር» ጻፉት፤ 2800 ብቻ ይበቃል። ዋጋውን ደግሞ በስልክ አትቀበሉ። «ሁለት ከስምንት» በተቆራረጠ መስመር ምን ሆኖ እንደሚሰማ አስቡት። እኛ አሁን ወንድሜ በቴሌግራም በአኃዝ ይልክልኛል፣ ከቀየርኩ በኋላ እኔ የገጹን ፎቶ መልሼ እልክለታለሁ።

ቅናሹን ማስታወስ የማይሆንላችሁ ከሆነ ቀን አስሩበት። ከቅናሹ ቦታ አጠገብ `Schedule` የሚል አለ። መነሻና መድረሻ ቀን ትሰጡታላችሁ፤ መነሻው ቀን ሲገባ ይጀምራል፣ መድረሻው ቀን ሲያልቅ ራሱ ይነሳል። ቀኑ ግን የፈረንጅ ነው። ለእንቁጣጣሽ ስታስቡ መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቢሆንም፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የ2020 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንደዚያ ነው። ለዒድ ስታደርጉም ከአምናው ቀን አትገልብጡ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል።

ሰዓቱም አለ። «ቀኑ ሲገባ» የሚለው እናንተ ባላችሁበት አገር ወይም በደሴ ሰዓት አይደለም፤ ገጹ በተሞላለት ሰዓት ነው። `Settings` ውስጥ `General` ግቡና `Timezone` የሚለውን እዩ። ማንም ካልነካው ብዙውን ጊዜ `UTC+0` ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቅናሹ ደሴ ላይ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ የሚያበቃውም በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። `Addis Ababa` ብላችሁ ብትመርጡ ይህ ሁሉ ቀረ።

አንድ ዕቃ በመጠን የሚለያይ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። ነጠላችን የአዋቂና የልጅ አለው። እንዲህ ያለው ዕቃ ላይ `General` ሥር ዋጋ ብትፈልጉ አታገኙም። `Variations` ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዱን መጠን መክፈት አለባችሁ፤ ሁለቱም የየራሳቸው መደበኛና የቅናሽ ዋጋ አላቸው። የአንዱን ባዶ ከተዋችሁት ያ መጠን ለሽያጭ አይቀርብም፣ ገዢው ሊያዝዘው አይችልም። እኛ ለአንድ ሳምንት የልጅ ነጠላ «ለምን አይታዘዝም» እያሉ ሰዎች ሲጽፉልን ነው የነቃነው። ስትጨርሱ እዚያው `Save changes` ተጫኑ፣ ከዚያ ላይኛውን `Update`።

ከዚያ አረጋግጡ። እንደ ባለቤት ገብታችሁ ሳለ ገጹን ማየት ማረጋገጥ አይባልም። በብሮውዘሩ የግል መስኮት ክፈቱ፣ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ጨምሩ፣ እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ሂዱና ድምሩን እዩ። መክፈያው ላይ አዲሱ ዋጋ፣ የዕቃው ገጽ ላይ ግን አሮጌው ከታየ ዋጋው ተቀይሯል፤ አሮጌውን የሚያሳየው የተቀመጠ ቅጂ ነው፣ ካሽ የሚሉት። ገጹን የሠራላችሁ ልጅ ካሹን ማጽጃው የት እንዳለ አንዴ ያሳያችሁ። መክፈያውም ላይ አሮጌው ከሆነ ግን ወደ `Sale price` ተመለሱ።

ስለ ዕቃ ብዛት አንድ ነገር ብቻ። ገጹ ባንኮኒ ላይ የተሸጠውን አያውቅም። ወንድሜ አሥር ጋቢ ካለው ስድስቱን ለገጹ ብሎ ሌላ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔም `Inventory` ውስጥ 6 እላለሁ። መጀመሪያ ላይ አሥሩንም ጽፈን በየማታው ልናስታርቅ ሞክረን ነበር። አልሆነም፤ ሱቅ የዋለ ሰው ማታ ቁጥር መላክ ይረሳል።

ለወንድሜም የራሱን መግቢያ ሰጥቼዋለሁ። `Users` ውስጥ አዲስ ሰው ሲጨመር `Administrator` አትበሉት፣ `Shop manager` በሉት። ዕቃና ትዕዛዝ ይነካል፣ ዋጋም ይቀይራል፤ ፕለጊን የሚባሉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች መጫንና ማጥፋት ግን አይችልም። የእኔን የይለፍ ቃል ከመስጠት ይሻላል።

ሦስቱን ገዢዎች ልዩነቱን ጨምሩ አላልናቸውም። ዋጋ ሲቀየር ቀድሞ የታዘዘው ትዕዛዝ አይቀየርም፣ እጃቸው ላይ ያለው ማረጋገጫም 2,100 ይላል። ጋቢያቸውን ወሰዱ። 2,100 ብሩን ለወንድሜ እኔ ላክሁለት።