ኢንጂነር ሆናችሁ ለመጋዘን ሥራ ስታመለክቱ

ቅዳሜ ከዚራ ቁጭ ብለን የአክስቴን ልጅ የማመልከቻ ደብዳቤ ስናስተካክል ዋልን። ድሬዳዋ ውስጥ ለጀማሪ የመጋዘን ሠራተኛ ነው ያመለከተችው። የተመረቀችው ግን በሲቪል ምህንድስና ነው።

ደብዳቤዋ በጂፒኤና በኮርሶች ዝርዝር ይጀምር ነበር። የመጋዘን ኃላፊው ስለ ኮንክሪት ዲዛይን ምን ገዶት? እሱን የሚያሳስበው «የሳይት ሥራ ስታገኝ ጥላኝ ትሄዳለች» የሚለው ነው። ስለዚህ ያንን ሁሉ ሰርዘን ኢንተርንሺፕ ላይ የሠራችውን ወደ ላይ አመጣነው፦

«በ4 ወር ኢንተርንሺፔ ሳይት የሚገባውን ሲሚንቶ ቆጥሬ እረከብ፣ ገቢና ወጪውን ቢን ካርድ ላይ እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን የማስረከቢያ ሰነዱ 400 ከረጢት ይላል፤ ስቆጥር 388 ሆነ። ሾፌሩ ሳይሄድ ጉድለቱን ሰነዱ ላይ ጽፌ አስፈረምኩት። ከዲዛይን ይልቅ የዕቃ ቁጥጥር እንደሚስበኝ ያወቅሁት እዚያ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። የኃላፊውን ስጋት የምትመልሰው እሷ ናት። «ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የምትለዋን ግን አውጧት። ኃላፊው የሚያነባት «ሌላ እስካገኝ» ብሎ ነው።

ያልሠራችሁትን ደግሞ አትጨምሩ። ቢን ካርድ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ኢንተርቪው ላይ ባዶ ካርድ ሰጥተው «እስቲ ሙላው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የት የት እንደሚጻፍ ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ስቶር ኪፐር ጠይቃችሁ እዩት።